ዋልያ ቢራ በመጨረሻ የማን ነው? ከተቀጥላ ኩባንያ ተነስቶ እስከ ላይኛው ባለቤት

ዋልያ ቢራ የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ የተለያየ መልስ ትሰማላችሁ። አንዱ «የኛው ነው፣ ቂሊንጦ አይደል እንዴ የሚጠመቀው» ይላል። ሌላው «የሆላንዶች ነው» ይላል። ትንሽ የሚከታተል ሰው ካለ ደግሞ «የሄኒከን ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። አንዳቸውም አልተሳሳቱም። ግን ሁሉም መንገድ ላይ ቆመዋል። ሄኒከንስ የማን ነው? ከሄኒከን በላይ ያለውስ?

ይህ ጥያቄ ለወሬ ብቻ የሚነሳ አይደለም። ለፋብሪካው ገብስ የሚያቀርብ፣ ዕቃ በዱቤ የሚሸጥ፣ ብድር የሚሰጥ፣ እዚያ የሚቀጠር ሰው ሁሉ ከማን ጋር እንደተዋዋለ ማወቅ አለበት። ግብር ሰብሳቢውም እንደዚያው። መልሱ ደግሞ የሚስጥር ዶሴ ውስጥ አይደለም ያለው። አብዛኛው ለሕዝብ ይፋ በሆነ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። አነባበቡን ማወቅ ነው የሚያስፈልገው። እዚህ ዋልያን ይዘን ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ እንወጣለን። በዚሁ መንገድ ሌላ ኩባንያም መከተል ይቻላል።

መጀመሪያ፣ «ተቀጥላ» እና «እናት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ተቀጥላ ኩባንያ ማለት ራሱን ችሎ የተመዘገበ፣ ግን ሌላ ኩባንያ የሚያዝበት ድርጅት ነው። የራሱ ስም፣ የራሱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የራሱ ዕዳና የራሱ ንብረት አለው። ፍርድ ቤት የሚከሰሰውም በራሱ ስም ነው። የሚያዝበት ኩባንያ እናት ኩባንያ ይባላል።

ማዘዝ የሚባለው ምንድነው? ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ ድምፅ መያዝ ነው። ከግማሽ በላይ ድምፅ ያለው የዳይሬክተሮች ቦርዱን ይሾማል። ቦርዱን የሚሾም ደግሞ ሥራ አስኪያጁን ያስቀምጣል፣ ትርፉ የት እንደሚሄድ ይወስናል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የኢትዮጵያ ንግድ ሕግም ስለ ኩባንያዎች ቡድን የሚደነግግ ክፍል አለው።

እዚህ ላይ በብዛት የሚምታታ ነገር አለ። ቅርንጫፍና ተቀጥላ አንድ አይደሉም። የአንድ ባንክ የመርካቶ ቅርንጫፍ ራሱ ባንኩ ነው። የቅርንጫፉ ዕዳ የባንኩ ዕዳ ነው። ተቀጥላ ኩባንያ ግን በሕግ ዓይን ሌላ ሰው ነው። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ገንዘብ ሲጠፋ ዋጋ አለው፤ እንመለስበታለን።

ሆልዲንግ ኩባንያ ደግሞ ሥራው የሌሎች ኩባንያዎችን አክሲዮን ይዞ መቀመጥ የሆነ ድርጅት ነው። ፋብሪካ የለውም፣ ሱቅ የለውም። ያለው አክሲዮን ነው፣ ከአክሲዮኑ ጋር የሚመጣው ድምፅም።

ፍለጋው ዘር እንደመቁጠር ነው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልን እንደምንወጣው እዚህም በየደረጃው «ከዚህ በላይ ማን አለ?» እንላለን። ልዩነቱ በየደረጃው የምንፈልገው ባለድርሻውን ሁሉ ሳይሆን የሚያዘውን አንዱን ብቻ መሆኑ ነው።

ከየት ልጀምር?

ከትክክለኛው ሕጋዊ ስም። ዋልያ የኩባንያ ስም አይደለም፣ የምርት ስም ነው። የምርት ስም ለማንም ሊከራይ፣ ሊሸጥ፣ በፈቃድ ሊሠራበት ይችላል። ስለዚህ ከምርቱ ስም ተነስቶ ባለቤት መፈለግ መጀመሪያውኑ ያሳስታል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ወረቀት አዙራችሁ «አምራች» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለውን አንብቡ። እዚያ የምታገኙት ሄኒከን የሚለውን ስም የያዘ አክሲዮን ማኅበር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የተመዘገበው ተቀጥላ እሱ ነው።

ታሪኩም አጭር ነው። መንግሥት የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ለሄኒከን ሸጠ። ለሁለቱ የተከፈለው 163 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር። ቀጥሎ የቂሊንጦው ፋብሪካ ተገነባ፣ ዋልያም እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ወጣ። ዛሬ ሐረር፣ በደሌና ዋልያ የተለያየ መልክና የተለያየ ደንበኛ ቢኖራቸውም ባለቤታቸው አንድ ነው።

ስሙን ስትጽፉ ከኋላው ያለችውን ምህጻረ ቃል አትተዉ። «አ.ማ.» እና «ኃ.የተ.የግ.ማ.» የተለያየ ድርጅት ሊሆኑ ይችላሉ። በውጭ ሀገር ያሉትም እንዲሁ ናቸው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ኤን.ቪ. የሚል ማብቂያ ያለው የእኛን አክሲዮን ማኅበር ይመስላል፣ ቢ.ቪ. የሚል ደግሞ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ይቀርባል። በአንድ ቡድን ውስጥ «ሄኒከን» የሚል ቃል የያዙ ብዙ ኩባንያዎች አሉ፣ የሚለያቸውም መሃል ላይ ያለ አንድ ቃልና መጨረሻ ላይ ያሉ ሁለት ፊደሎች ናቸው። ፍለጋ ስትጀምሩ የምትጽፏቸው ስሞች እነዚህ ናቸው፦

```
Heineken Breweries S.C.
Heineken N.V.
Heineken Holding N.V.
L'Arche Green
L'Arche Holding
```

የባለቤቱ ስም የት ነው የሚጻፈው?

ብዙ ሰው የንግድ ፈቃድ ላይ ይፈልጋል። የንግድ ፈቃድ ድርጅቱ መኖሩን፣ ሥራውንና ሥራ አስኪያጁን ይነግራል። ለፍለጋ መነሻ ይሆናል፣ ወደ ላይ ግን ሩቅ አያደርስም። ባለአክሲዮኖቹ በስም የሚገኙት በመመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ ነው። እሱን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። በእኛ ሕግ አክሲዮን ማኅበር ለመመሥረት ቢያንስ አምስት አባላት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ አንድ የውጭ ኩባንያ ሙሉ በሙሉ የሚያዝበት አክሲዮን ማኅበር እንኳ ወረቀት ላይ አምስት ባለቤት ሊኖረው ይችላል። አንዱ ሙሉውን ሊባል የሚችል ድርሻ ይይዛል፣ አራቱ ደግሞ ጥቂት ጥቂት አክሲዮን የያዙ የዚያው ቡድን እህት ኩባንያዎች ይሆናሉ። አምስት ስም አይታችሁ «አምስት ባለሀብት አለው» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። የእያንዳንዱን ድርሻ እዩ።

ከሁሉ የሚሻለው ወረቀት ግን ኦዲት የተደረገው ዓመታዊ ሂሳብ ነው። እኔ ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምጀምረው፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ መናገር ግዴታ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ዓለም አቀፉን የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ተቀብላለች። ደረጃው እያንዳንዱ ኩባንያ እናቱን እንዲሰይም ያስገድዳል። ከእናቱም በላይ የሚያዝ ካለ የመጨረሻውን እንዲሰይም ያደርጋል። የመጨረሻው ሰው ከሆነም ይጠቀሳል።

ይህች አንቀጽ የሂሳቡ ዋና ሠንጠረዥ ላይ አይደለችም። ከሠንጠረዦቹ በኋላ የሚመጡት ረጃጅም ማብራሪያዎች ውስጥ ናት። ወይ የመጀመሪያው ማብራሪያ ውስጥ «ስለ ድርጅቱ» በሚለው ሥር፣ ወይ መጨረሻው አካባቢ ግንኙነት ስላላቸው ወገኖች በሚያወራው ክፍል ውስጥ ትገኛለች። አንዳንዴ ሁለት መስመር ብቻ ናት። ሰነዱ ኮምፒውተር ላይ ካለ መቶ ገጽ ማገላበጥ አያስፈልግም፣ እነዚህን መፈለግ ይበቃል፦

```
ultimate parent
ultimate controlling party
related parties
```

የመጀመሪያው የላይኛውን ኩባንያ ይሰጣል። ሁለተኛው ከኩባንያም በላይ የሚያዘውን ያወጣል። ሁለቱ መልሶች ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የሄኒከን ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል።

ወደ ላይ መውጣት ካልተቻለስ?

የተቀጥላው ሂሳብ በእጅ ላይገባ ይችላል። ገበያ ላይ አክሲዮን የማይሸጥ ኩባንያ ሂሳቡን ድረ ገጽ ላይ የመለጠፍ ልማድ የለውም። ያኔ ከላይ ወደ ታች መውረድ ነው። ላይ ያለው ኩባንያ በአክሲዮን ገበያ የሚገበያይ ከሆነ ዓመታዊ ሪፖርቱ ይፋ ነው፣ ከሪፖርቱ ጋርም የሚያዝባቸው ዋና ዋና ኩባንያዎች በየሀገሩ ከነድርሻቸው ይዘረዘራሉ። ዝርዝሩ ውስጥ የእናንተን ተቀጥላ ፈልጉ። ከታች ይዛችሁ የወጣችሁት ስምና ከላይ ያገኛችሁት ስም ከነማብቂያው ከገጠመ ሰንሰለቱ ተዘጋ። ካልገጠመ አንዱ ደረጃ ጎድሏል ወይም አንዱ ሰነድ አርጅቷል።

በሁለቱ መካከል ደግሞ እንደ ሄኒከን ኢንተርናሽናል ቢ.ቪ. ያሉ መሃል የሚቀመጡ ኩባንያዎች አሉ። ከላይ ያለው መቶ በመቶ የሚይዛቸው ከሆነ ማን ያዝዛል የሚለውን መልስ አይለውጡም። ለግብር ጉዳይ ግን ይቆጠራሉ። ትርፍ ከአዲስ አበባ ሲወጣ ለየትኛው ሀገር ኩባንያ እንደሚከፈል ማወቅ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም የትኛው የተደራቢ ግብር ማስቀሪያ ስምምነት እንደሚሠራ የሚወስነው እሱ ነው። ኢትዮጵያና ኔዘርላንድስ እንዲህ ያለ ስምምነት አላቸው።

አምስተርዳም ደረስን። አበቃ?

ገና ነው። እስካሁን የደረስነው ሄኒከን ኤን.ቪ. ላይ ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉትን ፋብሪካዎች የሚመራው እሱ ነው፣ አክሲዮኑም በአምስተርዳም ገበያ ይሸጣል ይገዛል። ብዙ ሰው «የሄኒከን ነው» ሲል እሱን ማለቱ ነው። ከሱ በላይ ማን ከግማሽ በላይ ይዟል?

ሄኒከን ሆልዲንግ ኤን.ቪ. የሚባል ሌላ ኩባንያ። የያዘው ከ50 በመቶ በጥቂቱ ከፍ ያለ ድርሻ ነው። ለብዙ ዓመታት ቁጥሩ 50.005 በመቶ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ነጥብ ድረስ ተለክቶ የተያዘ ድርሻ ነው፣ በአጋጣሚ እዚያ አልደረሰም። ሆልዲንጉ ቢራ አይጠምቅም፣ አይሸጥም። እንዲኖር የተፈለገው ቡድኑን እንዲቆጣጠርና ማንም ከውጭ መጥቶ እንዳይጠቀልለው ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የሚገርመው እሱም ራሱ በአምስተርዳም ገበያ ላይ አክሲዮኑ የሚገበያይ መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የሄኒከን አክሲዮን ገዛሁ» ሲላችሁ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊገዛ ይችላል። የሁለቱም የትርፍ ድርሻ በአክሲዮን እኩል ነው፤ የተቀመጡበት ደረጃ ግን ለየቅል ነው።

ከሆልዲንጉ በላይስ? የሆልዲንጉን ዓመታዊ ሪፖርት ክፈቱ። ባለአክሲዮኖች የሚለው ክፍል ውስጥ ሳጥንና ቀስት ያለው ሥዕል አለ። ከላይኛው ሳጥን ውስጥ ላርሽ ግሪን የሚል ስም ታገኛላችሁ። ይህ ኩባንያ ገበያ ላይ የለም። ከሆልዲንጉ አክሲዮን የያዘው በቅርብ ዓመታት ከ52 በመቶ በላይ ነው። የላርሽ ግሪን ባለቤት ደግሞ በአመዛኙ የሄኒከን ቤተሰብ ነው፣ ወደ 89 በመቶ የሚጠጋውን ይዟል። ቀሪው ሆየር የሚባል የሌላ የሆላንድ ቤተሰብ ነው። የሄኒከን ቤተሰብ ድርሻ የተቀመጠው ላርሽ ሆልዲንግ በሚባል ሌላ ኩባንያ ውስጥ ነው፣ የእሱንም አክሲዮን ሙሉ ለሙሉ ሊባል በሚችል መጠን የያዘችው አንዲት ሴት ናት። ሻርሊን ደ ካርቫልሆ ሄኒከን ትባላለች። አባቷ አልፍሬድ ሄኒከን እ.ኤ.አ. በ2002 ሲሞት የወረሰችው አንድ ልጁ ናት። የቡድኑ ሪፖርትም የመጨረሻዋ ተቆጣጣሪ ብሎ የሚሰይመው እሷን ነው።

እንግዲህ ዋልያ ጠርሙስ ላይ ካለው አክሲዮን ማኅበር ተነስተን፣ መሃል ያሉትን ቢ.ቪ.ዎች አልፈን፣ ሄኒከን ኤን.ቪ.ን፣ ሄኒከን ሆልዲንግን፣ ላርሽ ግሪንን፣ ላርሽ ሆልዲንግን ወጥተን አንድ ሰው ላይ ደረስን።

ታዲያ የሄኒከን ቤተሰብ የቡድኑን ግማሽ ሀብት ይዟል ማለት ነው?

አይደለም። የጉዳዩ ልብ እዚህ ላይ ነው፣ ቀስ ብለን እንየው።

ሄኒከን ኤን.ቪ. 100 ብር ትርፍ አከፋፈለ እንበል። ለሒሳቡ እንዲመች ቁጥሮቹን እናጠጋጋ። ሆልዲንጉ 51 በመቶ ስለያዘ 51 ብር ይደርሰዋል፣ 49 ብሩ ለሌሎች ባለአክሲዮኖች ይሄዳል። ሆልዲንጉ 51 ብሩን ሲያከፋፍል ላርሽ ግሪን 53 በመቶ ስላለው 27 ብር ያገኛል። ከዚያ 27 ብር ውስጥ የሄኒከን ቤተሰብ 89 በመቶውን ሲወስድ 24 ብር ገደማ ይሆናል። ከ100 ብር ሩቡ እንኳ አይሞላም።

ገንዘቡ በየደረጃው ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ድርሻው በድርሻ ይባዛል። ድምፁ ግን አይቀንስም። ላርሽ ግሪን የሆልዲንጉን ቦርድ የሚወስነው በ53 በመቶ ድምፅ ነው። ሆልዲንጉ ደግሞ ሄኒከን ኤን.ቪ. ጉባኤ ላይ ሲቀመጥ የሚያነሳው እጅ የ27 በመቶ አይደለም፣ የሙሉ 51 በመቶ ነው። የታችኛው ደረጃ ላይ ያሉት 49 በመቶዎች ሁሉ ቢስማሙ እንኳ አያሸንፉም። በየደረጃው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ማለት ብቻ ይበቃል። ሁለት ደረጃ ሲደራረብ በሩብ ገንዘብ ሙሉውን ማዘዝ ይቻላል። ሆልዲንግ ከላይ በሆልዲንግ የሚደረደረው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይወጣሉ፣ አንድ ላይ መጨፍለቅ የለባቸውም። «ከትርፉ ማን ስንት ያገኛል?» ከሆነ ጥያቄው፣ ድርሻዎቹን ከታች እስከ ላይ አባዙ። «ማን ያዝዛል?» ከሆነ ግን ማባዛት ትልቅ ስህተት ነው። ያኔ በየደረጃው ከግማሽ በላይ የያዘውን እየተከተላችሁ ውጡ። አባዝቶ 24 በመቶ ያገኘ ሰው «ቤተሰቡ አናሳ ባለድርሻ ነው» ብሎ ይጽፋል፣ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ይህ ሒሳብ የሚሠራው አንድ አክሲዮን አንድ ድምፅ ሲሆን ነው። የፌስቡክ እናት ኩባንያ ሜታን ብታዩ መሥራቹ ማርክ ዙከርበርግ የያዘው ድርሻ ከግማሽ በእጅጉ ያንሳል። ነገር ግን የእሱ ዓይነት አክሲዮን አንዱ አሥር ድምፅ ስላለው ከግማሽ በላይ ድምፁ የእሱ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የአክሲዮን መቶኛን ሳይሆን የድምፅ መቶኛን መፈለግ ይገባል።

«ሁሉም ነገር የብላክሮክ ነው» ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው?

ይህ ወሬ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በየጊዜው ይነሳል። የትልልቅ ኩባንያዎችን የባለአክሲዮን ዝርዝር ሲከፍቱ ብላክሮክና ቫንጋርድ የሚባሉ፣ የሰው ገንዘብ ሰብስበው አክሲዮን የሚገዙ የአሜሪካ ድርጅቶች ስም በየቦታው ይገኛል። ዝርዝሩ ላይ መኖራቸው እውነት ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ገበያ ላይ ባለ ኩባንያ 3 በመቶ የደረሰ ሁሉ ለፋይናንስ ገበያ ተቆጣጣሪው ማሳወቅ ስላለበት ስማቸው ይወጣል። ግን እነዚህ ፈንዶች በአብዛኛው የያዙት የደንበኞቻቸውን ገንዘብ ነው፣ ጡረታ የሚቆጥቡ ሰዎችንና የጡረታ ድርጅቶችን ጭምር። ጥቂት በመቶ መያዝ ደግሞ እናት አያደርግም። ከላይ 51 በመቶ ድምፅ የያዘ አንድ ባለቤት ባለበት ኩባንያ ውስጥ 3 በመቶ የያዘ ሐሳብ ሊሰጥ ይችላል፣ ሊያዝ ግን አይችልም።

እናት ኩባንያን ከትልቅ ባለድርሻ የሚለየው የተጠቃለለ ሂሳብ ነው። እናት ኩባንያ የተቀጥላውን ገቢ፣ ዕዳና ንብረት ሙሉውን ከራሱ ጋር ደምሮ አንድ ሂሳብ ያወጣል። ስለዚህ ማን በማን ሂሳብ ውስጥ ተጠቃለለ ብሎ መጠየቅ ጥሩ መፈተኛ ነው።

በዚህ ላይ የተመሠረተ ነፃ መፈለጊያም አለ። ከ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ በኋላ ባንኮች ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ሳያውቁ ቀርተው ስለነበር፣ ለኩባንያዎች ባለ 20 ፊደልና ቁጥር ዓለም አቀፍ መለያ ወጣ። `search.gleif.org` ላይ ስሙን ብትጽፉ `Direct Parent` እና `Ultimate Parent` የሚሉ ሁለት መስመሮች ታገኛላችሁ። መረጃውን የሚሞላው ኩባንያው ራሱ ነው፣ መለያውን የሚወስዱትም ሁሉም ኩባንያዎች አይደሉም። እናት ከሌለው ምክንያቱን ይጽፋል። `NATURAL_PERSONS` የሚል ካያችሁ ከላይ ያሉት ሰዎች ናቸው፣ የሚያጠቃልለው ኩባንያ የለም ማለት ነው። ስማቸውን ግን እዚያ አታገኙትም።

ሰንሰለቱ ሰው ላይ ባያልቅስ?

ሁልጊዜ ሰው ላይ አያልቅም። እኛ ሀገር ያለውን ውሰዱ። ኢትዮ ቴሌኮም የሚገኘው በ2014 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ነው፣ ከዚያ በላይ መንግሥት ነው። ሰንሰለቱ አጭር ነው፣ መጨረሻውም ግልጽ ነው።

አስቸጋሪው ፋውንዴሽን ላይ የሚያልቀው ነው። የኢኬያን አብዛኞቹን መደብሮች የሚያንቀሳቅሰው ኢንግካ ቡድን ባለቤቱ ኔዘርላንድስ ውስጥ ያለ ፋውንዴሽን ነው። ፋውንዴሽን አክሲዮን የለውም፣ ስለዚህ ባለቤት የለውም። እዚያ ስትደርሱ «ማን ይዞታል?» የሚለው ጥያቄ ይቀርና «ቦርዱን ማን ይሾማል?» የሚለው ይተካል። መልሱ መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ነው።

በሩ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች የመጨረሻ ባለቤቶችን ስም ለማንም የሚያሳይ መዝገብ ከፍተው ነበር። የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለሁሉም ክፍት መሆኑ የግል ሕይወትን ይጋፋል ብሎ ወሰነ፣ ኔዘርላንድስም መዝገቡን ለአጠቃላዩ ሕዝብ ዘጋች። የንግድ ምክር ቤቱ የኩባንያዎች መዝገብ ግን አሁንም ክፍት ነው። ጥቂት ዩሮ ከፍሎ የአንድን ቢ.ቪ. ምዝገባና ዓመታዊ ሂሳብ ማውጣት ይቻላል።

ያገኘሁት መልስ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ቀኑን እዩ። ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያሳስተው ያረጀ መረጃ ነው። ሜታ ቢራን እ.ኤ.አ. በ2012 የገዛው የእንግሊዙ ዲያጆ ነበር። በ2022 ግን ለቢጂአይ ሸጦታል፤ ከቢጂአይ በላይ ያለው ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ቡድን ነው። ዛሬም «ሜታ የዲያጆ ነው» የሚሉ ጽሑፎች ኢንተርኔት ላይ አልጠፉም። ሄኒከን ላይም እንዲሁ ነው። የሜክሲኮው ፌምሳ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ትልቅ ባለድርሻ ነበር፣ በ2023 ግን ድርሻውን መሸጥ ጀመረ። ፌምሳ ያለበት ሥዕል ካገኛችሁ ያረጀ ነው። እኔ እያንዳንዱን ደረጃ ስጽፍ ከጎኑ የሰነዱን ዓመት አስቀምጣለሁ። አንዱ 2019፣ ሌላው 2024 ከሆነ ሰንሰለቱ ገና አልተረጋገጠም።

ከላይ ያለው ትልቅ ከሆነ ዕዳዬን ይከፍልልኛል?

እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። ዕቃ አቅራቢው «ከጀርባው ዓለም አቀፍ ኩባንያ አለ» ብሎ በዱቤ ይሰጣል። ተቀጥላ ግን በሕግ ሌላ ሰው መሆኑን ከላይ አይተናል። አክሲዮን የያዘ ወገን የሚያጣው በመርህ ደረጃ ያዋጣውን ካፒታል ነው። ተቀጥላው ቢከስር አምስተርዳም ሄዳችሁ እናቱን ዕዳ አትጠይቁም። ላይ የደረሳችሁበት ስም የሚያዘውን ይነግራችኋል፣ የሚከፍለውን ግን አይነግራችሁም።

የሚከፍለው ፈርሞ ዋስ የሆነው ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ እናት ኩባንያ ለሆላንድ ተቀጥላዎቹ ዕዳ ኃላፊነት እንደሚወስድ በጽሑፍ አውጆ ንግድ መዝገብ ላይ ሊያስገባ ይችላል። ያንን ያደረገ ካለ መዝገቡ ላይ ይታያል። እንዲህ ያለ መግለጫ አዲስ አበባ ላለው ተቀጥላ አይሠራም። ለአዲስ አበባው የሚያስፈልገው ለብቻው የተጻፈ የዋስትና ደብዳቤ ነው።

ባንኮች ይህን ያውቃሉ። ለአንድ ተቀጥላ ሲያበድሩ የእህት ኩባንያዎቹን ብድር አብረው ይቆጥራሉ፣ ትልቅ ከሆነም የእናቱን ዋስትና ይጠይቃሉ። አቅራቢም መጠየቅ ይችላል። ደብዳቤው ሲመጣ ከራስጌው ላይ ያለውን ዓርማ ሳይሆን ከግርጌ የፈረመውን ኩባንያ ሙሉ ስም አንብቡ። የፈረመው ኤን.ቪ. ነው ወይስ መሃል ያለ፣ እጁ ላይ ምንም ንብረት የሌለው ቢ.ቪ.? ቢ.ቪ. ከሆነ የእሱን ሂሳብ ከንግድ መዝገቡ አውጡና ካፒታሉን ከዋስትናው መጠን ጋር አስተያዩ። የፈረመው ሰው ድርጅቱን የመወከል ሥልጣን እንዳለውም እዚያው መዝገብ ላይ ይገኛል።